ቤት፣ ሰርቪስና ምሳ ሲደመር ደሞዝሽ ስንት ሆነ?

«ሰላም ጋሼ፣ አዲስ የሥራ ኦፈር ደርሶኝ ግራ ገብቶኛል። ደሞዜን በትክክል መናገር ስለማልፈልግ አሁን የማገኘውን 100 ነው ብለው ይያዙልኝ፣ ሁሉም በካሽ ነው። አዲሱ ድርጅት ካሽ 80፣ የድርጅቱ ቤት 35፣ ሰርቪስ 12፣ ምሳ 8፣ በጠቅላላው 135 ነው የሚል ወረቀት ሰጡኝ። አሁን ለቤት ኪራይ 25 እከፍላለሁ፣ ትራንስፖርት 7፣ ምሳ ከቤት ቋጥሬ ስለምሄድ ቢበዛ 3 ቢያስወጣኝ ነው። ግብር ወደ 20 ፐርሰንት ይቆረጥብኛል። የሚሰጡኝ ቤት ከመሥሪያ ቤቱ በእግር 10 ደቂቃ ነው፣ አሁን ካለንበትም ሰፋ ይላል። ባለቤቴ ግን አሁን ሥራው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ እዛ ከገባን ለትራንስፖርት 4 ያህል ያወጣል። እናቴ ደሞዝ የሚቀንስ ሥራ ምን ሥራ ይባላል ትለኛለች፣ ጓደኞቼ ደግሞ ቤት አግኝተሽ ታስቢያለሽ እንዴ ይሉኛል። እውነት 35 እያተረፍኩ ነው?»

እህቴ፣ 35 አታተርፊም። እናትሽ እንደሚሉት ግን 20 እየከሰርሽም አይደለም። እውነቱ መሃል ላይ ነው፣ መሃሉ ግን ሰፊ ነው፣ ወደ የትኛው ጫፍ እንደምትጠጊ የሚወስኑት ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፉ ነገሮች ናቸው።

መጀመሪያ እነዛ 35፣ 12 እና 8 የሚሉት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔ ብዙ ዓመት ፔይሮል ላይ ስሠራ እንደዚህ አይነቱን ወረቀት በእጄ አዘጋጅቼ ለሰው ሰጥቻለሁ። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ድርጅቱ ያወጣው ወጪ ናቸው። ለቤቱ የምንጽፈው ድርጅቱ ለባለቤቱ የሚከፍለውን ኪራይ ነው፣ ቤቱ የራሱ ከሆነ ደግሞ የእርጅና ቅናሹን፣ ከዛ ጥገናው፣ ጥበቃው፣ አንዳንዴም ቤቱ ሰው ሳይገባበት ባዶ የቆየባቸው ወራት ሳይቀሩ አንድ ላይ ተደምረው በቤቶቹ ቁጥር ይካፈላሉ። ሰርቪሱም እንደዛው ነው፣ ነዳጅ፣ የሹፌር ደሞዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ጎማ፣ ሁሉም ተደምሮ በተሳፋሪው ቁጥር ይካፈላል። እዚህ ጋር አንድ ነገር አስተውይ፣ 40 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ ላይ 20 ሰው ብቻ ከተሳፈረ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ እጥፍ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ጥቅምሽ እጥፍ አደገ ማለት ነው፣ አንቺ ግን የተቀመጥሽው ያው አንድ ወንበር ላይ ነው። የምሳውም 8 የወጥ ቤቱ ወጪ ለሰሃኑ ቁጥር ተካፍሎ የመጣ ነው፣ ፈቃድ ላይ ሆነሽ ያልበላሽበት ቀን አብሮ ተቆጥሮም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ቤት ሦስት ዋጋ አለው። ድርጅቱን የሚያስወጣው አንድ ነው፣ ያው ቤት ገበያ ላይ ቢከራይ የሚያወጣው ሌላ ነው፣ አንቺ ኪስ ውስጥ ሲገባ የሚመዝነው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ለአንቺ ውሳኔ የሚጠቅመው ሦስተኛው ብቻ ነው። እሱን የምታገኚው ደግሞ በቀላል ጥያቄ ነው፣ ይሄን ነገር እነሱ ባይሰጡኝ ኖሮ ከራሴ ኪስ ስንት አወጣበት ነበር? የተሻለ ነገር እየሰጡሽ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ጨምሪበት፣ ለልዩነቱ በራሴ ፈቃድ ስንት እጨምር ነበር? ድምሩ ከገበያው ዋጋ በላይ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም በገበያው ዋጋ ወጥተሽ ራስሽ መከራየት ትችያለሽ።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል፣ ያላገባ ወጣት ነው፣ ከጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ በትንሽ ገንዘብ ይኖር ነበር። እኔ የነበርኩበት ድርጅት ባለ ሦስት መኝታ የቤተሰብ ቤት ሰጠውና ጥቅማጥቅሙ ከደሞዙ ግማሽ ይሆናል ብለን ጻፍንለት። ልጁ ሁለቱን ክፍል ቆልፎ አንዱ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል። በየሁለት ወሩ እየመጣ ትንሽ ቤት ስጡኝና ልዩነቱን በካሽ አድርጉልኝ ይለናል፣ እኛ ደግሞ መመሪያው አይፈቅድም እንለዋለን። ዓመት ሳይሞላው ከሱ ወረቀት ያነሰ ድምር ወዳለው፣ ግን ካሹ ወደሚበልጥ ሥራ ሄደ። ያኔ አለቆቼ ሒሳብ አያውቅም ብለው ነበር፣ ሒሳቡን የተሳሳትነው ግን እኛ ነን፣ እሱ ለማይፈልገው ሁለት ክፍል ደሞዙን እየከፈለ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ እንምጣ። ቤቱ ከኪስሽ የሚያስቀርልሽ 25 ነው። ሰፋ ይላል ብለሻል፣ ለስፋቱ የራስሽን ገንዘብ ትጨምሪ ነበር ወይ የሚለውን አንቺና ባለቤትሽ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ክፍል ጠቧችሁ ሰፋ ያለ ቤት እየፈለጋችሁ ከነበረ 3 ወይ 4 ልትጨምሩ ትችሉ ይሆናል፣ አሁን ያለው ቤት የሚበቃችሁ ከሆነ ግን ዜሮ ነው፣ እንደውም ሰፊ ቤት የሚሞላ ዕቃ ይጠይቃል፣ መብራቱም ይጨምራል። እኔ ለጥንቃቄ 25 ብዬ ይዤዋለሁ። ምሳው የሚያስቀርልሽ 3 ነው፣ 8 አይደለም። የነሱ ምግብ ካንቺ ቋጠሮ ይሻል ይሆናል፣ ጠዋት ተነስተሽ ከማዘጋጀትም ያድንሻል፣ ለሱ አንድ ነገር ብትጨምሪ አልቃወምም፣ ግን 8 አውጥተሽ ምሳ ገዝተሽ የማታውቂ ከሆነ 8 ተከፈለኝ ማለት አትችይም።

ትልቁ ነገር ሰርቪሱ ጋር ነው። ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ በእግር 10 ደቂቃ ነው አይደል? ታዲያ ሰርቪሱ ምን ሊያደርግልሽ ነው? አሁን የምታወጪው 7 እርግጥ ይቀርልሻል፣ ያስቀረልሽ ግን ቤቱ ያለበት ቦታ ነው፣ አውቶቡሱ አይደለም። አውቶቡሱ ነገ ቢጠፋ 7ቱ እንደቀረ ይቀራል። ስለዚህ ያንቺ ወረቀት ላይ 12 ተብሎ የተጻፈው ለአንቺ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፣ ጥቅማጥቅሞችን ለየብቻ ዋጋ ሰጥቶ መደመር፣ አንዱ ሌላውን ዋጋ እንደሚያሳጣው ሳያዩ። ሥራ ቦታ አጠገብ የሚሰጥ ቤት የሰርቪስን ዋጋ ይበላል፣ የምሳንም እንደዛው፣ ምክንያቱም 10 ደቂቃ ሄደሽ ቤትሽ መብላት ትችያለሽ። የዚሁ ነገር ተቃራኒ ደግሞ ባለቤትሽ ጋር አለ፣ ቤቱ አንቺን ሲያቀርብ እሱን አራቀው፣ የሱ 4 ወረቀቱ ላይ የለም ግን ከቤታችሁ ካዝና ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ከቤቱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። የሚጠፋበትን ሰዓት ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እሺ፣ ይሄን ይዘን ወር መጨረሻ ላይ እጅሽ ላይ የሚቀረውን እንቁጠር፣ እኔ ሁለት ኦፈር ሳወዳድር ሁሌም የማምነው ይሄን ቁጥር ነው፣ ጠቅላላ ድምር የሚባለውን አይደለም። አሁን ባለሽበት ከ100 ላይ 20 ግብር ሲወጣ 80 ይቀርሻል፣ ከዛ ኪራይ 25፣ ትራንስፖርት 7፣ ምሳ 3፣ ባንድ ላይ 35 ሲወጣ ለሌላው ኑሮ የሚተርፍሽ 45 ነው። አዲሱ ጋር 80 ካሽ ነው፣ በዛው መጠን ግብሩ 16 ይሆናል፣ 64 ይደርስሻል፣ ኪራይ የለም ትራንስፖርት የለም ምሳ የለም፣ የባለቤትሽ 4 ሲወጣ 60 ይቀርሻል። 45 የነበረው 60 ሆነ፣ በጣም ጥሩ ነው። እናትሽ ያላዩት ይሄን ነው፣ ደሞዙ በ20 ወርዶም ኪስሽ ውስጥ የሚቀረው በ15 ጨመረ።

ግን እዚህ ጋር አንድ ትልቅ «ከሆነ» አለ። ይሄ 60 የሚመጣው በዓይነት የሚሰጡሽ ነገሮች ላይ ግብር ካልተቆረጠ ነው። በብዙ አገር ሕግ በዓይነት የሚሰጥ ጥቅም እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል፣ አሠሪውም ከካሹ ደሞዝሽ ላይ ነው የሚቆርጠው፣ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ጡብ ነቅሎ መክፈል አይቻልማ። ያ ከሆነና ዋጋው እነሱ በጻፉት ልክ 55 ከተያዘ፣ የ55 ሃያ ፐርሰንት 11 ነው፣ እሱ ከ60 ላይ ሲቀነስ 49 ይቀርሻል። አሁን ልዩነቱ 15 መሆኑ ቀርቶ 4 ሆነ። ደግሞ ልብ በይ፣ የማትሳፈሪበት ሰርቪስ ላይ ግብር እየከፈልሽ ነው፣ ለአንቺ 3 በሆነ ምሳ ላይም የ8 ግብር እየከፈልሽ ነው። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ሲተልቅ ደስ የሚል ይመስላል፣ ግብር ሲመጣ ግን ትልቁ ቁጥር ባንቺ ላይ ነው የሚሠራው።

ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የምትጠይቂውን ግን እንድታውቂ ነው የምነግርሽ። አንዳንዱ አገር ቤትን የሚተምነው በገበያ ኪራይ ነው፣ አንዳንዱ የደሞዝን የተወሰነ ፐርሰንት ይወስዳል፣ ሥራ ቦታ ላይ የሚበላን ምሳ ነፃ የሚያደርግም አለ፣ ሠራተኛው ለሥራው ግዴታ እዛው ማደር ካለበት ቤቱን ነፃ የሚያደርግም አለ። ይሄ የመጨረሻው ነገር የቆየ ክርክር ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ቴናንት የሚባል የባንክ ሠራተኛ የገባበት ሙግት ነበር፣ ሰውየው በሥራው ግዴታ ባንኩ ሕንፃ ውስጥ መኖር ነበረበት፣ ለሌላ ማከራየት አይፈቀድለትም። ግብር ሰብሳቢው ቤቱ ገቢ ነው አለ፣ የብሪታንያ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ግን ወደ ገንዘብ ሊቀይረው የማይችለውን ነገር ገቢ ልንለው አንችልም ብሎ ፈረደለት። በኋላ ብሪታንያ ራሷ ሕጓን ቀይራ የሠራተኛ ቤትን ግብር ውስጥ አስገብታለች፣ ጥያቄው ግን ዛሬም ያው ነው፣ ልትሸጪው የማትችይው ነገር ስንት ይባላል? ስለዚህ ኤችአሮቹን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ቤቱ ሰርቪሱ ምሳው እያንዳንዱ ግብር ይቆረጥበታል ወይ፣ ከተቆረጠ በስንት ዋጋ ተይዞ? በቃል አይበቃም፣ የአንድ ወር የናሙና የደሞዝ ስሊፕ አሳዩኝ በያቸው። ይሄን ለማዘጋጀት ለፔይሮል ሰው አምስት ደቂቃ ነው፣ እኔ ስንቱን አዘጋጅቻለሁ። ስሊፑ ላይ ኔት 64 ካለ አንድ ነገር ነው፣ 53 ካለ ሌላ ነገር ነው።

ከአሁኑ ደሞዝሽ ጋር በአንድ ቋንቋ ማወዳደር ከፈለግሽ ደግሞ ወደ ካሽ ግሮስ መልሺው። 60 እጅሽ ላይ ሊቀር አሁን ባለሽበት ሥራ ስንት ደሞዝ ያስፈልግሽ ነበር ብለሽ ጠይቂ፣ 60 ላይ 35 ወጪ ስትጨምሪ 95 ይሆናል፣ እሱን ለ0.8 ስታካፍይ 119 ገደማ። ለ49ም እንደዚሁ ስታደርጊ 105 ይመጣል። ስለዚህ 135 የተባለው ኦፈር ለአንቺ እውነተኛ ዋጋው ግብር ከሌለበት 119፣ ካለበት 105 ነው። ከ100 ጋር የምታወዳድሪው ይሄን ነው።

አሁንም ግን አላለቀም፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ከደሞዝ ላይ በፐርሰንት የሚሰሉ ነገሮች በሙሉ የሚሰሉት አብዛኛውን ጊዜ ከካሹ ብቻ ነው። የጡረታ መዋጮ፣ ኦቨርታይም፣ ቦነስ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ያልተወሰደ ፈቃድ ወደ ገንዘብ ሲቀየር፣ ባንክ ብድር ስትጠይቂ የሚያየው ደሞዝ፣ ሁሉም ከ80 ነው የሚነሱት። አሠሪው ለጡረታሽ 10 ፐርሰንት ያዋጣል ብንል አሁን 10 ይገባልሽ የነበረው 8 ይሆናል፣ ስለዚህ ከላይ ካልኩሽ 105 ላይ 2 ቀንሺና 103 በይው። ኦቨርታይም የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፣ የሰዓት ክፍያሽ ራሱ በአምስት አንድ እጅ ወርዷል ማለት ነውና። በሌላ በኩል ለፍትሃዊነት ይሄንንም ልንገርሽ፣ በዓይነት መከፈል በኑሮ ውድነት ጊዜ ከካሽ ይሻላል። ኪራይ በሰፈሩ በ20 ፐርሰንት ቢጨምር አሁን ባለሽበት 25 የነበረው 30 ሆኖ ካንቺ ኪስ ነው የሚወጣው፣ ድርጅቱ ቤት ውስጥ ብትሆኚ ግን ያው ቤት ውስጥ ነሽ፣ ደሞዝ ሳይጨመርልሽ ጭማሪ አገኘሽ ማለት ነው። በቤት ፋንታ የቤት አበል በካሽ እንስጥሽ ቢሉሽና አበሉ ቁርጥ ያለ መጠን ከሆነ ይሄ ጥበቃ ይቀርብሻል፣ በየዓመቱ ከኪራይ ጋር የሚከለስ ካልሆነ በስተቀር። ኪራይ ቶሎ ቶሎ የሚጨምርበት ቦታ የምትኖሪ ከሆነ እኔ ቤቱን ነው የምመርጠው።

አሁን ምን ልታደርጊ የሚለው። ኦፈሩን እንዳለ እሺ ከማለትሽ በፊት ሰርቪሱን መልሺላቸው። ቤታችሁ 10 ደቂቃ ስለሆነ ሰርቪስ አልጠቀምም፣ ከ12ቱ ግማሹን ደሞዝ ላይ አድርጉልኝ በያቸው። 6 ደሞዝሽ ላይ ቢጨመር ካሹ 86 ይሆናል፣ ግብር ሲወጣ 68.8፣ በዓይነት ከሚሰጡሽ ከቀረው 43 ላይ ግብር ቢቆረጥ 8.6፣ የባለቤትሽ 4 ሲወጣ 56 ይቀርሻል። 49 የነበረው 56 ሆነ፣ በነሱ ወረቀት መሠረት ደግሞ ድርጅቱ 6 አተረፈ። ሁለታችሁም የምትጠቀሙበት ነገር ነው፣ የጡረታሽና የኦቨርታይምሽ መነሻም አብሮ ከፍ ይላል።

እምቢ ሊሉሽ የሚችሉበትን መልስ ከወዲሁ አውቀዋለሁ፣ አውቶቡሱ አንቺ ተሳፈርሽ አልተሳፈርሽ ይሄዳልና ምንም አይቀርልንም ይሉሻል። እውነታቸውን ነው፣ አንድ ወንበር ባዶ ስለሆነ ነዳጅ አይቀንስም። ግን ያኔ አንቺም መልስ አለሽ፣ እኔ ባልሳፈር ምንም የማይቀርላችሁ ከሆነ እኔ ብሳፈርም ምንም አላስወጣኋችሁም፣ ስለዚህ 12 የሚለው እኔ ፓኬጅ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ግብርም ሊቆረጥብኝ አይገባም። ወይ እውነተኛ ወጪ ነው ይለወጥልኝ፣ ወይ ወጪ አይደለም ከወረቀቱ ይውጣ። በትህትና ነው የምትይው፣ ግን ሁለቱንም በአንዴ ሊይዙት አይችሉም። ቢያንስ 12ቱ ከወጣ ግብሩ ላይ 2.4 ታተርፊያለሽ። ሌላም አማራጭ አለ፣ የሰርቪሱ መስመር በባለቤትሽ መሥሪያ ቤት በኩል የሚያልፍ ከሆነ እሱ እንዲጠቀም ጠይቂ፣ አንዳንድ ድርጅት ለቤተሰብ ይፈቅዳል፣ ያ ከሆነ የሱ 4 ይቀራል።

የተጋነነ ግምት ለምን ተጻፈ ብለሽ ስትጠይቂ ያለ ቦታሽ የገባሽ እንዳይመስልሽ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁጥር 95 የደሞዝ ጥበቃ ስምምነት ላይ ይሄ ነገር በግልጽ አለ። ደሞዝ በዓይነት ሊከፈል የሚችለው በከፊል ብቻ ነው፣ የሚሰጠው ነገርም ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ የሚሆንና የሚጠቅም መሆን አለበት፣ የሚሰጠውም ግምት ሚዛናዊና ተገቢ መሆን አለበት ይላል። ለቤተሰቡ የሚለውን ቃል አስምሪበት፣ ባለቤትሽ ላይ የሚመጣው ወጪ እኮ ከጉዳዩ ውጪ አይደለም።

የመጨረሻውና እኔን ብዙ የሚያሳስበኝ ነገር ቤቱ ከሥራው ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። ሥራ የለቀቅሽ ቀን፣ ወይም እነሱ ያሰናበቱሽ ቀን፣ ደሞዝም ቤትም ባንድ ጊዜ ነው የሚቆሙት። በካሽ የምትከፈይ ሰው ሥራ ስትለቅ ቢያንስ ጣሪያዋ የራሷ ውል ነው። በሁለት ሳምንት ውጡ የተባሉ ቤተሰቦች አይቻለሁ፣ አንዷ እናት ልጆቿ ፈተና ላይ ነበሩ፣ ዕቃዋን ዘመድ ቤት ነው ያከማቸችው። የእጅ ጽሑፍ ቢሆን እንኳን ውሉ ላይ ሥራ ካቆምኩ በኋላ ለስንት ጊዜ ቤቱ ውስጥ መቆየት እችላለሁ የሚለው መግባት አለበት፣ እኔ ከሦስት ወር በታች እሺ አትበይ እላለሁ፣ ሁለት ወር ካሉሽ ደግሞ አሰናባቹ እነሱ ከሆኑ ሦስት ይሁን ብለሽ ተከራከሪ። ጥገና የማነው፣ ወደ ሌላ ቤት ሊያዛውሩን ይችላሉ ወይ፣ ሠራተኛ ሲሰፋ ቤቱን ከሌላ ሰው ጋር ተጋሩ ሊሉን ይችላሉ ወይ፣ እነዚህም ይጻፉ። ጥቅማጥቅም «በድርጅቱ መመሪያ መሠረት» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ መመሪያው በተቀየረ ቀን የሚቀየር ነገር ነው፣ 80ው ግን ያለ ፈቃድሽ አይነካም፣ ስለዚህ ቤቱ በስም ውሉ ውስጥ ይግባ።

ከገባሽ ደግሞ አሁን ለኪራይ የምታወጪውን 25 ሁሉንም አትልመጂበት። ግብሩ ተቆርጦብሽም ቢሆን ከበፊቱ የሚተርፍሽ 4 አለ፣ ሰርቪሱን ካስቀየርሽ 11 ነው፣ እሱን ለብቻ አስቀምጪው። ዓላማው አንድ ነው፣ ከቤቱ የምትወጪበት ቀን ሲመጣ ለአዲስ ቤት የሦስት ወር ኪራይ የሚሆን 75 ዝግጁ እንዲሆን። በ11 ሒሳብ ሰባት ወር ነው የሚፈጀው፣ በ4 ብቻ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ ያልፋል፣ ሰርቪሱ ላይ ጠንክረሽ ተደራደሪ የምልሽም ለዚህ ነው። ስሊፑን ሲልኩልሽ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን።